«አሜባ ነው» ከተባለ በኋላ፦ በሐይቅና በአምባሰል ሁለት የአንጀት ተውሳኮች ለምን እንደ አንድ ይታከማሉ?

ከሐይቅ ከተማ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ ላይ ሆዱን እየቆረጠው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ክሊኒክ የሄደ ሰው የሚያልፍበት ሂደት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ትንሽ ዕቃ ይሰጠዋል፣ ሰገራ ያመጣል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያም «አሜባ ነው» ወይም «ጃርዲያ ነው» ይባላል። በሁለቱም መልስ መድኃኒት ቤቱ የሚሰጠው አንድ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል። መድኃኒቱ አንድ ስለሆነ ሰው በሽታውንም አንድ አድርጎ ቢያየው አይገርምም። «አሜባና ጃርዲያ» የሚለው አባባል እንደ አንድ ቃል ሲነገር መስማት የተለመደ ነው።

ሁለቱ ግን የሚኖሩበት የአንጀት ክፍል፣ የሚያደርሱት ጉዳት፣ የሚጠይቁት የመድኃኒት መጠንና የሕክምናው መጨረሻ ይለያያል። ከዚህም የሚከብደው ጉዳይ «አሜባ ነው» የሚለው መልስ ራሱ ምን ያህል እንደሚታመን ነው። ጃርዲያ በማይክሮስኮፕ ከታየ ጃርዲያ ነው። አሜባ ታየ ሲባል ግን የታየው ብዙ ጊዜ ሌላ፣ ጉዳት የማያደርስ ተውሳክ ሊሆን ይችላል። ይህ ትንታኔ በዋናነት በዚህ ልዩነት ላይ ያተኩራል።

አንድ መንገድ፣ ሁለት መንገደኛ

ሁለቱም ተውሳኮች ከሰው ወደ ሰው የሚሄዱት በሰገራና በአፍ በኩል ነው። ከአንጀት ውጭ ለመቆየት ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ይወጣሉ፤ ይህ መልካቸው ሲስት ይባላል። ሲስቱ በውሃ፣ በእጅ ወይም ባልበሰለ አትክልት ተሳፍሮ ሌላ ሰው አፍ ሲገባ አንጀት ውስጥ ሽፋኑን ጥሎ መንቀሳቀስና መመገብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ትሮፎዞይት ይባላል።

የአምባሰል አቀማመጥ ለዚህ ጉዞ የተመቸ ነው። መሬቱ ገደላማ፣ ሰፈሩ በቁልቁለቱ ላይ፣ ምንጩ ደግሞ ከግርጌ ነው። ከላይ ሜዳ ላይ የተጸዳዱበት በክረምት ዝናብ ታጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ምንጩ ካልጎለበተ፣ ማለትም ዓይኑ በሲሚንቶ ተዘግቶ ውሃው በቧንቧ እንዲወጣ ካልተደረገ፣ ጀሪካን የሚሞላው ከዚያው ጎርፍ ጋር ነው። በሐይቅ በኩል ሁኔታው ትንሽ ይለያል። ሐይቁ ከአርዲቦ የሚመጣውን የአንከርካ ወንዝ ይቀበላል፣ መውጫ ወንዝ ግን የለውም፤ ከዙሪያው የሚታጠበው ሁሉ የሚደርሰው እዚያው ነው። ከወንዙና ከዳርቻው ውሃ ስቦ አትክልት የሚያጠጣ ሰው ለገበያ በሚያቀርበው ሰላጣና ቃሪያ ላይ ሲስት ሊያርፍ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

መንገዱ አንድ ቢሆንም በሁለቱ መካከል ተግባራዊ ልዩነት አለ። ጃርዲያ ለመያዝ ጥቂት ሲስት ይበቃዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ በፈቃደኛ እስረኞች ላይ የተደረገ ሙከራ 10 ያህል ሲስት እንኳ እንደሚበቃ አሳይቷል። ስለዚህ ጃርዲያ የተበከለ ምንጭ እስኪያገኝ አይጠብቅም። አንድ ሕፃን የተያዘበት ቤት ውስጥ እናት የልጁን ሰገራ ጠርጋ እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ለሌላው ልጅ እንጀራ ብትቆርስ በቂ ነው። ጃርዲያ ከአዋቂ ይልቅ በልጆች ላይ የሚበዛውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ከብቶችም የራሳቸው ጃርዲያ አላቸው፤ አብዛኛው የጥጃ ጃርዲያ ለሰው የማይተላለፍ ዝርያ ቢሆንም ሁለቱ ለሰው የሚተርፉት ዝርያዎች በእንስሳም ላይ ይገኛሉ። አሜባ ግን በዋናነት የሰው ነው። የከብት መጠጫና የሰው መቅጃ መለየት ለጃርዲያ የተወሰነ ጥቅም ሲኖረው ለአሜባ ወሳኙ የሰው መጸዳጃ ያለበት ቦታ ነው።

ስለ ውሃ ማከሚያ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ውሃ አጋርና የመሳሰሉት የክሎሪን ምርቶች የኮሌራንና የሌሎች ባክቴሪያዎችን ጉዳት ይከላከላሉ፤ በቤት ውስጥ በሚጨመረው መጠን ግን የሁለቱን ተውሳኮች ሲስት በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድሉም። በነጠላ ማጥለልም አይበቃም፤ የጃርዲያ ሲስት ርዝመት የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በጨርቅ ቀዳዳ ያልፋል። የሚገድላቸው ማፍላት ነው። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ስለሚጠጋ ውሃው የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ሙቀት ሲስቱን ለመግደል ይበቃል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ባለው የአምባሰል ደጋ ግን ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይመከራል። የማገዶው ዋጋ ሲታሰብ ለቤተሰቡ ሁሉ ውሃ በየቀኑ ማፍላት ቀላል አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚጠጡትን ብቻ ለይቶ ማፍላት የሚቻልና ትርጉም ያለው ምርጫ ነው።

አንዱ ይለጠፋል፣ ሌላው ይቦረቡራል

ጃርዲያ የሚኖረው በቀጭኑ አንጀት ላይኛው ክፍል ነው። ወደ ሥጋው አይገባም። በሆዱ በኩል ባለው የመምጠጫ ክብ አማካይነት ከአንጀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ምግብ የሚመጥጡትን ጥቃቅን ጣቶች ያሳጥራል። ስለዚህ ዋናው ጉዳቱ የምግብ አለመመጠጥ ነው፤ በተለይ ስብና የወተት ስኳር። ምልክቱም ከዚህ ይከተላል። ሰገራው ይለሰልሳል፣ ቅባታማ ይሆናል፣ ይገማል፣ አንዳንዴም በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሆድ ይነፋል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ግሳት ይመጣል፣ ክብደት ይቀንሳል። ደም አይኖረውም፤ ትኩሳትም ቢኖር ቀላል ነው። ተውሳኩ ከገባ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ይጀምራል፤ ካልታከመም ለወራት እየመጣ ሊሄድ ይችላል።

አሜባ የሚኖረው በትልቁ አንጀት ነው። እውነተኛው በሽታ አምጪ አሜባ ሲነቃ የአንጀቱን ሕዋሳት በንክኪ ይገድላል፣ ከግድግዳው ስር ገብቶ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ የሆነ ቁስል ይፈጥራል። ስለዚህ የሚያስከትለው የደም ተቅማጥ ነው። ታማሚው ያምጠዋል፤ የሚወጣው ግን ጥቂት ደምና ንፍጥ ነው። ምልክቱ ተውሳኩ ከገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ከአንጀቱ በደም ሥር ወደ ጉበት ካለፈ መግል ያጠራቅማል። የጉበት መግል የያዘው ሰው በቀኝ የጎድን አጥንቱ ስር ይታመማል፣ ያተኩሰዋል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን በዚያን ሰዓት ተቅማጥ የለውም፤ ሰገራውም «ንጹህ» ነው ይባላል። ይህ ከልጆች ይልቅ በጎልማሳ ወንዶች ላይ የሚያተኩር በሽታ ነው። በሰገራ ምርመራ ብቻ የተመለሰ ሰው እዚህ ላይ ይጠፋል። የሚለየው የሆድ አልትራሳውንድ ነው፤ ከሐይቅና ከውጫሌ ለተነሳ ሰው ያ ማለት ብዙ ጊዜ ወደ ደሴ መላክ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ይጎዳል ቢባል መልሱ በዕድሜ ይወሰናል። አሜባ ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ጃርዲያ እምብዛም አይገድልም። ጃርዲያ ደግሞ ሕፃናትን ቀስ ብሎ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ያሳዩት፣ ጃርዲያ ከብርቱ ተቅማጥ ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ሲሆን በመጀመሪያ ዕድሜ ላይ ደጋግሞ ሲይዝ ግን ከቁመት መቀጨጭ ጋር እንደሚያያዝ ነው። ተቅማጥ የሌለው ነገር ግን ቁመቱ የማያድግ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣም፤ ስለዚህ ይህ ጉዳት በታካሚዎች መዝገብ ላይ አይታይም።

ማይክሮስኮፑ የማይለየው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ለረጅም ጊዜ አንድ ነው ተብሎ የነበረው የሰው አሜባ ሁለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1925 ፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት ገልጾ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ልዩነቱ በሳይንስ ተረጋገጠ። አንደኛው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ፣ የሚያሳምመው ነው። ሌላው ኢንታሜባ ዲስፓር፣ በሰው አንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በሜክሲኮ ከተማ የተሰበሰቡ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ሁለቱ ሲስቶች በማይክሮስኮፕ እንደማይለዩ አስታውቀው፣ መለየት ካልተቻለ ውጤቱ «ሂስቶሊቲካ ወይም ዲስፓር» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ምልክት የሌለውም ሰው በዚህ ብቻ እንዳይታከም መክረዋል።

በኢትዮጵያ ይህን በቀጥታ የፈተሹት አምሃ ከበደ፣ በየነ ጴጥሮስና የኔዘርላንድ ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ጥናታቸው በወንጂና በአቃቂ ተቅማጥ ይዟቸው የመጡ ታካሚዎችን ሰገራ በዘረመል ምርመራ ፈተሹ። በክሊኒክ አሜባ ተብሎ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ነበር፤ በናሙናዎቹ ውስጥ ግን ሂስቶሊቲካ አልተገኘም። የጥናቱ ርዕስ ራሱ አሜባ ሳይኖር አሜባ ተብሎ መመርመርን የሚናገር ነው። ወንጂና አቃቂ ሐይቅ አይደሉም፤ በደቡብ ወሎ ሂስቶሊቲካ የለም ማለትም አይቻልም። ነገር ግን የሚጠቀሙት ማይክሮስኮፕ አንድ፣ የሚያዩት ሲስት አንድ፣ የሚጽፉት ስም አንድ ስለሆነ ጥያቄው ለሐይቅ ጤና ጣቢያም እኩል ይነሳል።

ማይክሮስኮፑ እውነተኛውን አሜባ የሚያሳየው በአንድ ሁኔታ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ የሚንቀሳቀስ ትሮፎዞይት ሲታይ። ለዚህ ሰገራው ከተወሰደ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ሳይቀዘቅዝ መታየት አለበት። ከአምባሰል ተራራ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ በጠዋት ከቤቱ የያዘውን ሰገራ የሚያቀርብ ታካሚ ሞቶ የቆመ ተውሳክ ነው የሚያመጣው። ከዚህ ሌላ በሰገራ ውስጥ የሚገኝ ነጭ የደም ሕዋስና የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋስ በባለሙያ ዓይን ከአሜባ ትሮፎዞይት ጋር መምታታቱ የታወቀ ስህተት ነው። ጃርዲያ ግን በግንባሩ ሁለት ኒውክሊየስ ያለው፣ እንደ ፊት የሚመስል ተውሳክ ስለሆነ አይሳሳቱትም። የጃርዲያ ችግር ሌላ ነው። በየቀኑ አይወጣም፤ ስለዚህ አንድ ናሙና «የለም» ቢባል አለመኖሩን አያረጋግጥም። በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ማየት ያስፈልጋል። በአጭሩ በተለመደው ምርመራ አሜባ ከእውነቱ በላይ ይገኛል፣ ጃርዲያ ከእውነቱ በታች ይታጣል።

በደም ተቅማጥ ላይ ያለው ስህተት ከሁሉ ይከብዳል። በልጆች ላይ የደም ተቅማጥ ዋና መንስኤ ሺጌላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል ሺጌላን አይነካም። አገልግሎት ላይ ያለው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ደም የታየበት ተቅማጥ ላለበት ልጅ መጀመሪያ ለሺጌላ ሲፕሮፍሎክሳሲን እንዲሰጥ ያዛል። በማይክሮስኮፕ ስር አንድ ሲስት ተገኝቶ «አሜባ ነው» ተብሎ ከተላከ ግን ልጁ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ሳያገኝ ቀናት ያልፋሉ። የሚረዳ ፍንጭ አለ። በሺጌላ ሰገራ ውስጥ የመግል ሕዋስ በብዛት ይታያል፤ በአሜባ ሰገራ ውስጥ ግን አሜባው ነጭ የደም ሕዋሶችን ስለሚያፈርስ መግል ይቀንሳል፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ደግሞ ተጣብቀው ይታያሉ።

አንድ ጠርሙስ፣ ሁለት መጠን

ሜትሮኒዳዞል ለሁለቱም ይሠራል ማለት በአንድ መጠን ይሠራል ማለት አይደለም። ይህን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ከአምባሰል ግርጌ ሰፈር የመጣ 14 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአራት ዓመት ልጅ እንበል። ለሦስት ሳምንት ሆዱ ይነፋል፣ ሰገራው ይገማል፣ ደም የለበትም፣ ከስቷል፤ በሁለተኛው ናሙና ጃርዲያ ታየ። ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል በቀን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ሆኖ ለሦስት ይከፈላል፤ 210 ሚሊ ግራም ለሦስት ሲካፈል 70 ይሆናል። በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ ወደ 3 ሚሊ ሊትር በቀን ሦስት ጊዜ ለአምስት ቀን ነው። ያው ልጅ በእርግጥ የአሜባ የደም ተቅማጥ ቢኖረው በኪሎ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ በዝቅተኛው ሲሰላ ወደ 6.5 ሚሊ ሊትር በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ጠርሙሱ ያው፣ ማንኪያው ግን ከእጥፍ በላይ። የጎረቤት ልጅ ሲታመም የተረፈውን ሽሮፕ የሚቀበል ቤተሰብ በየትኛው መጠን እንደሚሰጥ መገመት ይቻላል።

ለጃርዲያ ቀላሉ ምርጫ ቲኒዳዞል ነው። ለአዋቂ 2 ግራም፣ ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ደግሞ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ለ14 ኪሎ ልጅ 700 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በአንድ ቀን የሚያልቅ መሆኑ ከጤና ጣቢያ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ትልቅ ጥቅም ነው። አልቤንዳዞልም ጃርዲያን ይገድላል፤ ነገር ግን 400 ሚሊ ግራም ለአምስት ቀን ሲወሰድ ነው። በትምህርት ቤት ለወስፋት በዘመቻ የሚሰጠው አንድ ፍሬ ለጃርዲያ አይበቃም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ወተት የጠጣ ልጅ ተቅማጡ ቢመለስበት ጃርዲያው ተመልሷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ የተጎዳው አንጀት የወተት ስኳርን ለመፍጨት ገና አቅም አላገኘም። ወተቱን ለጊዜው ቀንሶ ማየት ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ከመስጠት ይቀድማል።

ለአሜባ ሕክምናው ሁለት ደረጃ አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሜትሮኒዳዞል ከአንጀቱ ላይኛ ክፍል ወደ ደም ስለሚመጠጥ ሥጋና ጉበት ውስጥ ያለውን አሜባ ይመታል፤ በትልቁ አንጀት ቀዳዳ ውስጥ ያሉትን ሲስቶች ግን አይጨርሳቸውም። ከ40 እስከ 60 በመቶ በሚሆኑ ታማሚዎች ላይ ተውሳኩ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ በአንጀት ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሁለተኛ መድኃኒት መከተል አለበት፤ ዲሎክሳናይድ ፉሮዌት 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ቀን። ይህ ሲቀር ሰውየው ደህና ይሆናል፤ ሰገራው ግን ለቤተሰቡ ሲስት ማፍሰሱን ይቀጥላል፣ እርሱም ከወራት በኋላ ሊያገረሽበት ይችላል። «አሜባ እየተመላለሰብኝ ነው» የሚለው ቅሬታ አንድ ምንጩ ይህ ነው። ሌላው ምንጩ ቀድሞውኑ አሜባ አለመኖሩ ነው።

ወዴት ሊሄድ ይችላል?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ዙሪያቸውን ሲያዳርስ ተቋማት ተጎድተዋል፣ ሰው ተፈናቅሏል፤ ከዚያ በኋላ ላብራቶሪን መልሶ ማደራጀት ማይክሮስኮፕን መተካት ብቻ ሆኖ ከቀረ ችግሩ ባለበት ይቀጥላል። የሚታዩት አማራጮች ሦስት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው ፈጣን የሰገራ መመርመሪያ ማስገባት ነው። ለጃርዲያ ጥሩ ነው፤ በአንድ ናሙና የሚቀረውን ይይዛል። ለአሜባ ግን የሚገዛው ዓይነት ወሳኝ ነው፤ በገበያ ካሉት አንዳንዶቹ ሂስቶሊቲካንና ዲስፓርን አይለዩም። እነዚህን መግዛት የማይክሮስኮፑን ስህተት በከፍተኛ ዋጋ መድገም ነው። ሁለተኛው በጅምላ ማከም ነው፤ በሽታው ቢኖርም ባይኖርም ሜትሮኒዳዞል መስጠት። አሁን ያለው ሁኔታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ዳግም የመያዙ ፍጥነት ግን ጥቅሙን ይበላዋል፤ በፔሩ ሊማ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት ለጃርዲያ የታከሙ ልጆች በሙሉ ማለት ይቻላል በስድስት ወር ውስጥ ዳግም እንደተያዙ አሳይቷል። ውሃውና መጸዳጃው ሳይለወጡ ምልክት የሌለውን ልጅ ለጃርዲያ ደጋግሞ ማከም መድኃኒቱን ከማባከን ያለፈ አይሆንም።

ሦስተኛው ዋጋ የማይጠይቅ ነው፤ እኔም የማዘነብለው ወደዚህ ነው። የላብራቶሪው መልስ አጻጻፍ ይቀየር። ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ ትሮፎዞይት ሲታይ ብቻ «አሜባ» ይጻፍ፤ ሲስት ብቻ ሲታይ «ሂስቶሊቲካ ወይም ዲስፓር» ይጻፍ፤ ሰገራው በጤና ጣቢያው ውስጥ ተወስዶ ወዲያው ይታይ፤ የመግል ሕዋስ ብዛት ይመዝገብ። ሐኪሙ ይህን ወረቀት ሲያገኝ ደም ያለበትን ልጅ ወደ ሺጌላ፣ ሆዱ የተነፋውን ወደ ጃርዲያ፣ ቀኝ ጎኑን የሚያመውን ጎልማሳ ወደ ደሴ አልትራሳውንድ ይመራዋል። ይህ አሠራር በሥራ ላይ ሲውል በመጀመሪያዎቹ ወራት በመዝገቡ ላይ የአሜባ ቁጥር በፍጥነት ይወርዳል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ያንን እንደ ቸልተኝነት ካየው ባለሙያው ወደ ቀድሞው አጻጻፍ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ለምን እንደሚወርድ አስቀድሞ ለዚያ ቢሮ በጽሑፍ መድረስ ያለበት ነገር ነው።